የፈህሚያ ደብዳቤና የላቀው ቅያሜ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ክርና ቁልፍ፣ ዳንቴልና ሻሽ የገዛ ሰው ፈህሚያን ሳያውቃት አይቀርም። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚከራከር። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያች ሱቅ ሁለት ሴት ልጆቿን አስተምራ ድራለች፣ እናቷን ወይዘሮ ዐዚዛን ትጦራለች። ስትለካ አታጎድልም፣ የሰው ሐቅ አትነካም፣ ሰላቷን አታሳልፍም። አንድ ነገር ብቻ አላህ ሲፈጥራት ትንሽ አብዝቶ ሰጥቷታል፤ አንደበት። ጨርቁን ነካክቶ ሳይገዛ የሚሄድ ሰው ጀርባው እስኪጠፋ ድረስ ስለ ራሱ ብዙ ነገር ይማራል።

የምትኖረው አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ በተከራየቻቸው ሁለት ክፍሎች ነው። በበጋ ደህና ናቸው። ክረምት ሲገባ ግን የሰፈሩ ጎርፍ ሁሉ መውረጃው በዚያ በር ሥር ይሆናል፤ ግድግዳው ላብ ያልበዋል፣ ምንጣፉ ሻጋታ ያወጣል። ወይዘሮ ዐዚዛ ደግሞ አስም አለባቸው። ባለፈው ነሐሴ ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ገብተው ኦክስጅን ተደርጎላቸው ነበር። ሐኪሙ ፈህሚያን ወደ ኮሪደር አውጥቶ፣ «እናትሽ ሌላ ክረምት እርጥብ ቤት ውስጥ ካሳለፉ እኔ ምንም ልረዳቸው አልችልም» አላት። 

በአዘዞ በኩል ባሏ የተወላት ቦታ ነበረች። ዓመታት ስታጠራቅም የኖረችውን አወጣችና ቤት ልትሠራ ተነሣች። ሰው ሁሉ አንድ ስም ነገራት፤ «ላቀውን ያዢ።»

ላቀው ኢንጂነር አይደለም። ኢንጂነር ብለው ሲጠሩት ግን ዞሮ ያያል። ወገቡ ላይ ሜትር፣ መኪናው የኋላ መስተዋት ሥር አቧራ ነክቶት የማያውቅ ቢጫ ቆብ አለው። ክፉ ሰው አይደለም። ለቅሶ ይደርሳል፣ ሠርግ ያደምቃል፣ የታመመ ይጠይቃል። ችግሩ ቤት መጀመር መውደዱ ነው። መሠረት ሲቆፈር የላቀው ፊት እንደ ሙሽራ ይበራል። ግድግዳው ከወገብ በላይ ሲያልፍ ልቡ ወደ ሌላ መሠረት ይሸፍታል። የጀመራቸውን ቤቶች የሚጨርስ ቢሆን ኖሮ ጎንደር ዛሬ በባሕር ዳር መንገድ ካለችው ከእንፍራንዝ ጋር ገጥማ ነበር።

ውሉ ግልጽ ነበር። በጥር ክዳኑ ያልቃል፣ ከዚያ በር፣ መስኮትና ልስን ተጠናቆ ከክረምት በፊት ቁልፍ ትረከባለች። እውነትም በኅዳር የብሎኬቱ ግድግዳ ቆመ፤ ፈህሚያ እናቷን ይዛ ሄዳ አሳየቻቸው። ወይዘሮ ዐዚዛ ክዳን የሌለው ክፍል መሐል ቆመው ሰማዩን አዩና፣ «ሸጋ ቤት ነው፤ አላህ ክዳኑን ያሳየኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ክዳኑን ያየ የለም።

ጥር ሲገባ ፎርማኑ ልጁን ሊድር ነበር። የካቲት ሲሚንቶ ጠፋ፤ ክዳን ሲሚንቶ እንደማይፈልግ ፈህሚያ ብትጠይቅም ላቀው በሐዘኔታ አያትና «ሥራ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፣ እህቴ» አላት። ቀጥሎ አናጢው ለለቅሶ ድብ ባሕር ወረደ። መንገድ ተዘጋ። መንገድ በእርግጥ የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው የቻለውን ቻለ፣ ፈህሚያም አፏን ዘጋች። ግን መንገዱ ተከፍቶ የእሷ ክርና ቁልፍ እንኳ ከአዲስ አበባ ሲገባ፣ በላቀው ስልክ ውስጥ መንገዱ እንደ ተዘጋ ቀረ።

ከሁሉ የገረማት የበዓሉ ነገር ነው። ሚካኤል ነው፣ ማርያም ናት፣ ገብርኤል ነው፤ ሠራተኞቹ አልገቡም። ይሁን፤ የሰው ሃይማኖት ይከበራል፣ እሷም ታከብራለች። አንድ ዓርብ ጧት ሄዳ ግቢው ጭር ብሎ ስታገኘው ግን ዘበኛውን፣ «ዛሬስ የማን ነው?» አለችው።

«የእናንተ ነው» አላት ዘበኛው። «ኢንጂነሩ፣ የቤቱ ባለቤት እስላም ናቸው፣ ዓርብን እናክብርላቸው ብለው ነው።»

ፈህሚያ ዓርብ ከጁምዓ በፊትም በኋላም ሱቋን ከፍታ ስትሠራ ነው የኖረችው። አሁን በእሷ ስም አንድ ሙሉ ቀን ተሸልሟል፤ ተሸላሚውም ላቀው ነው።

መጋቢት ሲያልቅ ደወለችለት።

«ቆርቆሮው መጥቷል እህቴ!» አላት ላቀው፣ በደስታ እየጮኸ። «የጫነው መኪና እንፍራንዝ ደርሷል።»

«መቼ ይገባል?»

«ዛሬ ነገ ነው። እንፍራንዝ'ኮ ጎረቤት ናት።»

በሳምንቱ ስትደውል መኪናው እንፍራንዝ ነው። በሌላውም ሳምንት እንፍራንዝ ነው። ፈህሚያ እንፍራንዝ ቡና ቤት ያላት የአክስቷ ልጅ አለች። ደወለችላት።

«እስቲ ውጪና አስፋልቱን እዪልኝ፤ ቆርቆሮ የጫነ መኪና ቆሟል?»

የአክስቷ ልጅ ስልኩን ይዛ ወጣች። «አንድ በግ የጫነ አለ። አንድ ባጃጅ አለ። ቆርቆሮ የለም።»

«በደንብ አይተሻል?»

«እንዴ ፈህሚያ! ከተማችንን ኒው ዮርክ አደረግሻት እኮ፤ መኪና የሚጠፋበት!»

ያን ማታ ወይዘሮ ዐዚዛ ሲያስሉ ፈህሚያ ቁጭ ብላ አዳመጠች። ገና ሚያዝያ ነው። ደረቅ ሳል ነው፤ የክረምቱ ሳል ሌላ ነው።  ላቀው ቢሮ ስንት ጊዜ ሄደች? በሄደች ቁጥር ሻይ ይታዘዝላታል፣ ስለ እናቷ ጤና ይጠየቃል፣ የሱም ልጅ ምን ያህል እንዳስቸገረው ይነገራታል፤ ደረጃውን ስትወርድ የመጣችበትን ሳይሆን የሱን ችግር ተሸክማ ነው። ለሰው ሁሉ የሚበቃ አንደበቷ በላቀው ሻይ ፊት ይቀልጣል። እንዲህ ከሆነ፣ አለች በልቧ፣ ሻይ የማይጠጣ ነገር ልላክበት።

በማግስቱ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ ከምትጽፈው ከወንጌላዊት ዘንድ ሄደች። ወንጌላዊት ሕግ ተምራለች፤ ጃንጥላ፣ ላፕቶፕና ማተሚያ ማሽን ይዛ ነው የምትውል።

«ጻፊልኝ» አለች ፈህሚያ፣ ሳትቀመጥ። «አንተ ዓይን አውጣ። የሙት ልጅ እንዳላሳደገች አድርገህ የቆጠርከኝ...»

«ቆይ እትዬ ፈህሚያ። ክስ ነው?»

«ክስ አይደለም። ደብዳቤ ነው። ለኮንትራክተሬ። ቤቴን ይጨርስልኝ።»

«ውል አላችሁ?»

ፈህሚያ ውሉን ከቦርሳዋ አወጣች። ወንጌላዊት ገጽ በገጽ አነበበችውና ራሷን ነቀነቀች።

«እንዲህ ነው። ዝም ብለው ፍርድ ቤት ቢሄዱ፣ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ‹አስጠንቅቀሽዋል ወይ› ብሎ ነው። በስልክ ሲጨቃጨቁ መኖርዎን እሱ ይክዳል። ስለዚህ በጽሑፍ ይጠይቁታል፣ ቀን ይቆርጡለታል። አዲስ የጊዜ ሰሌዳ አምጣ ይሉታል። ካመጣ ሸጋ፤ ካላመጣ ደብዳቤው ማስጠንቀቂያዎ ነው።»

«ዓይን አውጣ የሚለውስ?»

«እሱ አይገባም።»

«ውሸታም?»

«አይገባም።»

«ታዲያ እኔ ምን ልበል?»

«‹ሥራው በተደጋጋሚ ተጓትቷል› ይላሉ።»

ፈህሚያ በጣም አዘነች። የወራት ቁጣዋ ሁሉ በሦስት ቃል አለቀ። «እንፍራንዝንስ?» አለች በልመና። «የእንፍራንዙን መኪና አስገቢልኝ።»

ወንጌላዊት ሳቀች፤ እሱንም ግን አላስገባችም። ማሽኑ ያወጣው ወረቀት እንዲህ ይል ነበር፦

«ለአቶ ላቀው፣ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ፣ ጎንደር።

ጉዳዩ፦ የተሻሻለ የሥራ የጊዜ ሰሌዳ እንዲቀርብልኝ ስለመጠየቅ።

በመካከላችን ባለው ውል መሠረት የመኖሪያ ቤቴን ክዳን በጥር ወር ለማጠናቀቅ ግዴታ ገብተው እንደነበር ይታወሳል። ይሁን እንጂ ሥራው በተደጋጋሚ ተጓትቶ ክዳኑ እስከ ዛሬ አልተጀመረም። ለክዳኑ የሚገባው ክፍያ በውሉ መሠረት አስቀድሞ ተከፍሏል። እናቴ ሕመምተኛ በመሆናቸው መጪውን ክረምት አሁን ባለንበት ቤት ማሳለፍ አይችሉም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በአሥር ቀናት ውስጥ ቀሪዎቹ ሥራዎች የሚጀመሩበትንና የሚያልቁበትን ጊዜ፣ ዕቃው የሚቀርብበትን ቀን የሚያሳይ የተሻሻለ የጊዜ ሰሌዳ በጽሑፍ እንዲሰጡኝ፣ ክዳኑም እስከ ግንቦት መጨረሻ እንዲጠናቀቅ እጠይቃለሁ። ይህ ባይሆን በውሉና በሕግ ያለኝ መብት የተጠበቀ ነው። ከሰላምታ ጋር።»

«ከሰላምታ ጋር?» አለች ፈህሚያ።

«እሱ ግዴታ ነው» አለች ወንጌላዊት። «ሁለት ቅጂ ነው። አንዱን ይስጡት፣ በሁለተኛው ላይ ‹ደርሶኛል› ብሎ ይፈርምልዎት።»

ፈህሚያ ደብዳቤውን ይዛ ፒያሳ ላቀው ቢሮ ወጣች። ላቀው ሻይ አዘዘ። ስለ እናቷ ጠየቀ። ወረቀቱን ስታወጣ ግን እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ደብዳቤ ነው። እዚህ ላይ ፈርምልኝ።»

«እኔና አንቺ? በደብዳቤ?» ላቀው ተነሣ፣ ተቀመጠ። «እህቴ፣ ባልሽ ሲሞት ድንኳን የተከልኩት እኔ አይደለሁም? ሞባይሌ አይሠራም? አንደበት የለንም? አልፈርምም! ለራስሽ ክብር ብዬ ነው የማልፈርመው!»

ለእሷ ክብር ብሎ ዓርብን ያከበረ ሰው ለእሷ ክብር ብሎ ደብዳቤዋን ሳይቀበል ቀረ። ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች።

ወንጌላዊት ሁለተኛውን መንገድ ነገረቻት። ፖስታ ቤት ሄዳ ደብዳቤውን በሪኮማንዴ፣ ማለትም ተቀባዩ ፈርሞ በሚወስደው መንገድ ላከችው። ላቀው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበረው፤ የመሥሪያ ቤት ጨረታዎች መልስ የሚመጣለት በእሱ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ የአንድ ትምህርት ቤት አጥር ጨረታ ገብቶ መልሱን ሲጠብቅ ነበር። ከሣጥኑ ውስጥ «የሪኮማንዴ ደብዳቤ አለዎት» የምትል ቁራጭ ወረቀት ሲያገኝ እየሮጠ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ «የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለ፤ ስሙን፣ ቀኑን፣ ፊርማውን አሳምሮ አኖረ። አዲስ መሠረት ሊቆፍር ነው። ፖስታውን የቀደደው ደረጃው ላይ ነው። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ፣ ሰውየው እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ እንዳለ ለፈህሚያ በኋላ ነግሯታል።

አሁን በሌላ አገር ቢሆን ሁለት ነገር ይጠበቃል፤ ወይ የጊዜ ሰሌዳው ይመጣል፣ ወይ አይመጣም። ጎንደር ግን ሦስተኛ ነገር አለ። በሳምንቱ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ በፈህሚያ ደጅ ሽማግሌ ቆመ።

ሁለት ናቸው። አንዱ ሐጂ ቡሽራ ናቸው፤ የፈህሚያን አባት የሚያውቁ፣ የገበያው ሁሉ ትልቅ፣ እምቢ የማይባሉ። ሁለተኛው የላቀው አጎት አያ ሐብተ ማርያም ናቸው፤ እርሻቸውን ለልጆቻቸው ትተው ከተማ የገቡ፣ ከንጋት ጀምሮ ዱላቸውን ይዘው ሥራ የሚፈልጉ፣ ሥራ የሚሰጣቸው ግን ያላገኙ ሽማግሌ። ከኋላቸው ላቀው ጋቢ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ለቀስተኛ ቆሟል። ፈህሚያ ስታየው አንድ ሰው የሞተበት መስሏት ደንግጣ ነበር።

ወይዘሮ ዐዚዛ ከአልጋቸው ሆነው በተከፈተው በር ያያሉ። ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ምርቃት ተደረገ፤ ሐጂም ዱዓ አደረጉ፣ አያም በስመ አብ አሉ።

«ልጄ» አሉ ሐጂ ቡሽራ፤ «የመጣነው ለእርቅ ነው። ላቀው ተቀይሟል።»

«ማንን?» አለች ፈህሚያ።

«አንቺን።»

«እኔን! ምን አድርጌ?»

«ምነው ልጄ» አሉ አያ ሐብተ ማርያም፤ «ሰው ላይ ወረቀት ይጻፋል? አብረሽው የበላሽ የጠጣሽ ሰው ላይ? ሌሊት እንቅልፍ አጥቷል። ሚስቱ ‹ምን ሰርቀህ ነው› አለችው።»

ላቀው ጋቢውን ወደ አፉ ሰበሰበ። «ለራሴ አይደለም አያ» አለ በተሰበረ ድምፅ። «ልጆቼ ነው ያሳዘኑኝ። ‹አባዬ ፖስታ ቤት ምን አደረጉህ› አሉኝ።»

ፈህሚያ አንደበቷ መጣ፤ ሊወጣም ነበር። ከክፍሉ የእናቷ ሳል ተሰማ፤ አፏን ዘጋችው።

«ደብዳቤውን አንብባችሁታል?» አለች ረጋ ብላ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አላነበቡትም። ስለ ደብዳቤው መጻፍ እንጂ በውስጡ ስላለው ነገር የነገራቸው የለም። ሐጂ ቡሽራ መነጽራቸውን አወጡና ወረቀቱን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡ። «ከሰላምታ ጋር» ሲሉ አያ ሐብተ ማርያም ጆሯቸውን አቀኑ።

«ሌላስ?»

«አበቃ።»

«ስድቡ የት አለ?»

«የለም።»

አያ ሐብተ ማርያም ወደ ላቀው ዞሩ። «ይኼማ እኔ ለልጄ የምጽፈው ነው! ሰላምታም አለበት! መቼ ትጨርሳለህ ነው እኮ የምትልህ።»

«ነገሩ አይደለም አያ፤ ደብዳቤ መሆኑ ነው» አለ ላቀው። «ትሳበው። ደብዳቤዋን ከሳበች እኔ አልተቀየምኩም።»

ፈህሚያ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ቀጥ ብላ ላቀው ፊት ሄደች፣ ጎንበስ አለች፤ «ይቅር በለኝ» አለችው።

ላቀው ይህን አልጠበቀም። ሐጂ ቡሽራ እንኳ መነጽራቸውን አወረዱ። በዚያች ሱቅ ውስጥ ይቅርታ የሚባል ዕቃ ተሸጦ አያውቅም።

«ይቅር... ይቅር ብያለሁ» አለ ላቀው።

«እንግዲህ እርቅ ከሆነ» አለች ፈህሚያ፣ ወደ ቦታዋ ተመልሳ፤ «እርቅ ያለ ዋስ አይጸናም። እኔ ሌላ ደብዳቤ ላልጽፍበት ሐጂ ቡሽራን ዋስ ጠርቻለሁ። እሱ ደግሞ በደብዳቤ የጠየቅሁትን እዚህ በአንደበቱ ይንገረኝና ዋሱን ይጥራ። አንደበት የለንም ወይ ብሎኝ ነበር።»

አያ ሐብተ ማርያም ዱላቸውን መሬት መቱ። «ሸጋ ነገር! በል ላቀው፤ ቀንህን ጥራ።»

ላቀው ነፍሱ መለስ አለ። ቀን መጥራት ለእሱ ትንፋሽ ነው። «ሰኞ አናጢ ይገባል። በሁለት ሳምንት የክዳኑ እንጨት፣ ሞራሌው፣ ይቆማል። ግንቦት አጋማሽ ቆርቆሮ ይመታል፣ በግንቦት መጨረሻ ክዳኑ አለቀ። ሰኔ በርና መስኮት። በዓሉ ሲቀነስ ነው እንግዲህ፤ ዓርብም አለ...»

«ዓርብን ማን ሰጠህ?» አሉ ሐጂ ቡሽራ። «እኔ ሐጂው ዓርብ ሱቅ እውላለሁ። ለስግደት ወጥተን እንመለሳለን። ከእኛ በላይ እስላም ሆንክ?»

«በዓሉንም ቢሆን» አሉ አያ ሐብተ ማርያም፤ «የሚከበረውን እኔ አውቀዋለሁ። የሚበላበትን ሁሉ በዓል አታድርገው።»

ያለው ሁሉ በወረቀት ሰፈረ፤ ወረቀቱን የጻፉት ሐጂ ናቸው፣ ስለዚህ ደብዳቤ አልተባለም። ላቀው ፈረመ።

«ዋስህስ?» አለች ፈህሚያ።

ላቀው ዙሪያውን አየ። ሐጂ ቡሽራ ብልህ ነጋዴ ናቸው፤ የዋሰ ሰው ላይ ምን እንደሚደርስ ያውቃሉና ጣራውን ያያሉ። አጎቱ አሉ። ሥጋው ናቸው፣ አቅፈው ያሳደጉት። «ዋሴ አያ ሐብተ ማርያም ናቸው» አለ፣ ተገላግሎ።

«ዋስ ነኝ» አሉ አያ፣ ተነሥተው። ፊታቸው በራ። ከተማ ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኙ።

ሰኞ ገና ሳይነጋ አያ ሐብተ ማርያም አዘዞ ፈህሚያ ቦታ የብሎኬት ክምር ላይ ተቀምጠው ነበር። አናጢው ረፋድ ላይ ሲመጣ፣ «ምነው፣ ፀሐይ ቀደመችህ?» አሉት። ማክሰኞም እዚያው ናቸው። ረቡዕ ፎርማኑ ለላቀው ደውሎ፣ «ኢንጂነር፣ አንድ ሽማግሌ ምስማር ይቆጥሩብናል» አለ።

«ዝም በላቸው።»

«ዝም ብያቸው ነበር። ‹ምስማሩን ጎኑን ሳይሆን አናቱን ምታው› አሉኝ፤ ልክም ናቸው።»

ሞራሌው ቆመ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የላቀው ሥራ ቀኑን ጠብቆ አለቀ። ፈህሚያ ሱቋን ዘግታ እየሄደች ታያለች፤ ወደ ሰማዩም ታያለች። ደመና መሰብሰብ ጀምሯል። ቆርቆሮው ግን አልመጣም።

«እንፍራንዝ ነው አያ» አለ ላቀው በስልክ። «ዛሬ ነገ ይገባል።»

አያ ሐብተ ማርያም እንደ ፈህሚያ ዘመድ ጋር አልደወሉም። ሚኒባስ ተሳፈሩና እንፍራንዝ ወረዱ። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሄዱ፣ ከሹፌሮች ጋር ምሳ በሉ፣ ማታ ተመለሱ። በማግስቱ የላቀውን ዘበኛ አነጋገሩ፤ ዘበኛውም አንድ አዛውንት ከጎኑ ተቀምጠው ሲያጨዋውቱት ምን ይደብቅ! የፈህሚያ ቆርቆሮ ጥንት መጥቶ ነበር። አንድ ሌላ ደንበኛ ቢሮው መጥቶ ጠረጴዛ ሲመታ፣ የሷ ቆርቆሮ ወደ እሱ ቤት ሄደ። ሻይ ጠጥታ የምትመለሰዋ ትቆይ፤ የሚጮኸው ይቅደም።

ይህን ሲሰሙ አያ ሐብተ ማርያም ተነሥተው ጋሪ ተከራዩ።  

ላቀው በራሱ ግቢ፣ ከቤቱ ጀርባ፣ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት እየሠራ ነበር። ለእሱ የተገዛ ቆርቆሮ፣ አንደኛ ደረጃ፣ ላስቲክ ለብሶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አያ ገቡ። የላቀው ሚስት፣ «አያ፣ ደህና ነዎት? ይቀመጡ» አለች።

«ደህና ነኝ ልጄ። ልጫን ነው የመጣሁ።»

«ምን?»

«ቆርቆሮ። ዋስ ነኝ።»

ላቀው ተጠርቶ መኪናውን እያበረረ ደረሰ። ጋሪው ግማሽ ሞልቷል።

«አያ! የኔ ቆርቆሮ እኮ ነው!»

«የሷ የት አለ?»

ላቀው አፉን ከፈተ።

«እንፍራንዝ እንዳትለኝ» አሉ አያ ሐብተ ማርያም። «ከእንፍራንዝ መምጣቴ ነው። እኔ በሰማንያ ዓመቴ የቆምኩበት ቃል መቅለሉን ሰው እንዲያይ አልፈቅድም። ዋስ ከዳ ቢባል አንተን አይደለም የሚሉት፤ እኔን ነው። ወይ ይህን ጫን፣ ወይ ሐጂን ጠርቼ አገር ሰብስቤ የሆነውን እናገራለሁ። ምረጥ።»

ላቀው ራሱ ጫነ። ጋቢ አልነበረውም እንጂ ያን ጊዜ ለቅሶው እውነተኛ ነበር።

ክዳኑ በግንቦት መጨረሻ ሳምንት ተመታ። የመጨረሻዋ ምስማር ስትገባ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ፈህሚያ አልጠበቀችም፤ በሩ ላስቲክ፣ መስኮቱ ላስቲክ ሆኖ፣ ወለሉ ገና ሊሾ ሆኖ፣ እናቷን በባጃጅ አምጥታ አስገባች። የመጀመሪያው ዝናብ ያን ማታ ወረደ። አዲስ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሰው አያነጋግርም። ሁለቱ ሴቶች ፍራሻቸው ላይ ቁጭ ብለው ጣራውን ያያሉ። ወይዘሮ ዐዚዛ እጃቸውን ዘርግተው ወለሉን ዳሰሱት፤ ደረቅ ነው። ግድግዳውን ዳሰሱት፤ ደረቅ ነው። አንድ ነገር ተናገሩ፤ ዝናቡ ዋጠው። ፈህሚያ ግን ከንፈራቸው ላይ «አልሐምዱሊላህ» የሚለውን አነበበች፤ እሷም ግንባሯን ወለሉ ላይ አድርጋ እንደዚያው አለች፣ ብዙ ጊዜም ሳትነሣ ቆየች።

መስኮትና በሩ ቀርቶ ነበር፤ ቀጠሯቸው ሰኔ ነው። ክዳኑ ሲያልቅ ላቀው ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር መሠረት ሊሸሽ ልቡ ተነሥቷል። ያን አያ ሐብተ ማርያም አስቀድመው አይተውታል። የሰኔ ጾም ሊገባ ሲል ከረጢታቸውንና ዱላቸውን ይዘው ላቀው ቤት መጡና ሳሎን ካለው መደብ ላይ ተመቻቹ።

«አያ፣ እንኳን መጡ» አለ ላቀው። «ስንት ቀን ይቆያሉ?»

«እስከ መስኮቱ።»

ሌሊት ለጸሎት ይነሣሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አያውቁም። ጧት ላቀው ቆልፎ ሳይወጣ፣ «ዛሬ ወዴት ነው?» ይሉታል። ማታ ሲገባ፣ «ብርጭቆው ተቆረጠ?» ይሉታል። ምሳ ሽሮ ነው፣ ራትም ሽሮ ነው፤ ለጾሙ እሳቸው ከወትሮው በርትተዋል፣ የቤቱም ሰው አብሮ በርትቷል። ልጆቹ ሰውየውን ወደዷቸው። የላቀው ሚስት ግን በሦስተኛው ሳምንት ባሏን ወደ ጓዳ ጠርታ፣ «የሴትዮዋን መስኮት አስገባላት፤ አለዚያ እኔ ራሴ ሄጄ እገጥመዋለሁ» አለችው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የፈህሚያ ስልክ ጮኸ።

«እህቴ» አለ ላቀው፤ ድምፁ ደክሟል። «መስኮቱን ጭነን እየመጣን ነው። በሩም አለ። ልስኑ ለመስከረም ይሁንልኝ፤ ዝናብ ነው፣ አይደርቅም፤ ይህን ደግሞ ማንንም ጠይቂ።»

ፈህሚያ ጠይቃ ነበር፤ እውነቱን ነው። «ይሁን» አለች። «መቼ በመስከረም?»

 ከላቀው ጎን የአያ ሐብተ ማርያም ድምፅ ይሰማል፤ «ከመስቀል በኋላ በላት፤ ከዚያ በፊት አትዋሻት!»

«ከመስቀል በኋላ» አለ ላቀው። «እጽፍልሻለሁ። ቀኑን ሁሉ ጽፌ፣ ፈርሜ እሰጥሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተባበሪኝ።»

«ምን?»

«ለልስኑ ዋስ አትጠይቂኝ።»

ፈህሚያ በላስቲኩ ቀዳዳ ወደ መንገዱ አየች። ዝናቡ አባርቷል፤ ከማዶ መስኮት የጫነ አይሱዙ ጭቃውን እየጨፈለቀ ይመጣል፣ ጋቢናው ውስጥ ከሹፌሩ ጎን አንድ ዱላ ቀጥ ብሎ ይታያል። ከኋላዋ እናቷ ይተነፍሳሉ፤ ረጅም፣ ያልተቆራረጠ፣ የደህና ሰው ትንፋሽ።

«አስብበታለሁ» አለችና በሩን የሸፈነውን ላስቲክ ልትቀድ ሄደች።